ለሚሄድ ወዳጅ ምን ይባላል?

ወዳጁ አገር ለቆ ሲሄድ የስንብት ቃል የሚጽፍ ሰው ሁለት ነገር በአንድ ትንፋሽ መናገር አለበት፤ መሄድህ አሳዝኖኛል፣ መሄድህ መልካም ነው። ለየብቻቸው ሲባሉ አይከብዱም። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን እርስ በርስ መጠራጠር ይጀምራሉ። ማዘኔ እውነት ከሆነ እንዴት ሂድ እላለሁ? ሂድ ማለቴ እውነት ከሆነስ ኀዘኔ እዚህ ምን ይሠራል? ብዙዎቻችን ከዚህ ጭንቅ የምንወጣው መጠን በመለካት ነው፤ ጥቂት እንባ፣ ጥቂት ምርቃት፣ ከዚያ አንዱ ሌላውን እንዳይጫነው ማስተካከል። እኔ ግን ሚዛኑ በመጠን የሚገኝ አይመስለኝም። ኀዘንና ማበረታቻ ግማሽ በግማሽ የሚደባለቁ ከሆነ ሁለቱም ግማሽ ሆነው ይቀራሉ፤ ግማሽ ኀዘን ወግ ነው፣ ግማሽ ማበረታቻም ማባበል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ከዚህ በፊት ያለው ነው፤ ሁለቱ ከየት ይነሣሉ? ምንጫቸው የተለያየ ከሆነ በአንድ ገጽ ላይ ማስታረቃቸው ብልሃት ብቻ ይሆናል። ምንጫቸው አንድ ከሆነ ግን መጀመሪያም አልተጣሉም ማለት ነው።

ነገሩ በባዶ እንዳይንሳፈፍ አንድ ሰው ልያዝ። ወዳጄ ነርስ ነው። ዲቪ ደርሶት ወደ ሜሪላንድ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሊሄድ ነው። ዲቪ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቪዛ ሲሰጥበት የኖረ ዕጣ ነው፤ ዕጣ መሆኑም ለስንብቱ ልዩ ባሕርይ ይሰጠዋል። ተሳድዶ የሚወጣ ሰው የሚሄደው ተገድዶ ስለሆነ ኀዘናችን አይከብደውም፤ አብሮን ያዝናል። ለትምህርት የሚሄድ ሰው ቢያንስ በወረቀት ላይ የሚመለስበት ጊዜ አለው። ዕጣ የደረሰው ሰው ግን ማንም አላባረረው፣ የሚመለስበት ቀንም አልተቆረጠለት፤ እቀራለሁ ቢል መቅረት ይችል ነበር። እናም አዘንኩ ስትለው ቅር ያልከው ይመስልሃል፤ እንኳን ደስ አለህ ስትለው ደግሞ ከእኛ በመለየትህ ደስ ይበልህ ያልከው ይመስልሃል። በምርጫ የሆነ መለየት ከግድ መለየት ይልቅ ለሸኚው የሚከብደው ለዚህ ይመስለኛል። የምንወቅሰው የለም፣ የምናለቅስበት ግን አለ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሚጻፉት ቃላት በጣም የተለመደው «አለፈልህ» የሚለው ነው። በፍቅር የሚባል ቃል ነው፤ የሚሠራው ሥራ ግን ከፍቅር ይርቃል። ወዳጄ እዚያ በደረሰ ማግሥት ነርስ አይሆንም። የትምህርት ማስረጃው መመርመር አለበት፣ ከዚያ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርሶች ፈቃድ ፈተና ማለፍ አለበት፤ እስከዚያ ድረስ የቤት ኪራይ አይጠብቅም። በዚህ ጊዜ እርሱን መሰል ብዙ ሰው ሽማግሌ በየቤታቸው ይጦራል፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል፣ ታክሲ ይነዳል። ሥራው ነውር የለበትም። ነገር ግን እዚህ ሳለ ሐኪም ሲያማክረው፣ በሽተኛ ሲመርቀው የኖረ ሰው እዚያ ስሙን እንኳ በትክክል የሚጠራው ሲያጣ በልቡ የሚሆነውን ለማን ይነግራል? ለእኛ ሊነግረን ያስባል። ወዲያው «አለፈልህ» ያልነው ትዝ ይለዋል። እኛ ዘንድ ያለፈለት ሰው ነው፤ አሁን ከበደኝ ቢል ወይ ያማረረ፣ ወይ ገንዘብ ላለመላክ ምክንያት የፈለገ ይመስለዋል። ስለዚህ ፎቶ ይልካል። እኛም ፎቶውን አይተን ያለፈለት መሆኑን እናረጋግጣለን። በሩቅና በቅርብ ባለ ወዳጅ መካከል ያለው ዝምታ ብዙ ጊዜ በርቀት ይመካኛል፤ እኔ ግን የሚጀምረው ከጉዞው በፊት፣ በስንብቱ ቃል ላይ ይመስለኛል። ስኬቱን አስቀድመን ስንነግረው ውድቀቱን የሚነግረን አፍ አሳጣነው።

ሁለተኛው ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ያላንተ እንዴት እንሆናለን፣ እናትህን ለማን ጥለህ፣ አደራ እንዳትረሳን። ይህም ከፍቅር የወጣ ነው። ቀረብ ብለን ስንመረምረው ግን ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ሲሠራ እናገኘዋለን፤ ሁለቱም እዳ ያስገባሉ። አንዱ ተሳካልህ በማለት የስኬት እዳ ያሸክመዋል፣ ሌላው ጎዳኸን በማለት የካሳ እዳ። ሂያጁ ሁለቱንም ተሸክሞ ይሄዳል፤ ሁለቱንም የሚከፍለው ደግሞ በአንድ መንገድ ነው፤ እየሠራ፣ እየላከ፣ እየደበቀ። እንግዲህ የስንብት ቃል የሚበላሸው ኀዘኑ ስለበዛ ወይም ማበረታቻው ስለበዛ አይደለም ማለት ነው። የሚበላሸው አንዱም ሌላውም ተቀባዩን ባለዕዳ ሲያደርገው ነው። ይህን ከተቀበልን የምንፈልገው ሚዛን መልኩ ይለወጣል። መጠየቅ ያለብን ምን ያህል ልዘን፣ ምን ያህል ላበርታ ሳይሆን፣ ምንም የማይጠይቅ ኀዘንና ምንም የማይጠይቅ ማበረታቻ እንዴት ይገኛሉ ብለን ነው።

ምንም የማይጠይቅ ኀዘን መኖሩን የሚያሳይ አንድ ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። በሐዋርያት ሥራ 20ኛ ምዕራፍ ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ወደ ሚሊጢን አስጠርቶ ይሰናበታቸዋል። ዳግመኛ ፊቱን እንደማያዩት አልደበቃቸውም። እነርሱም አለቀሱ፣ አንገቱን አቅፈው ሳሙት፤ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘናቸውም ይኸው ዳግም አታዩኝም ማለቱ እንደነበር ተጽፏል። ከዚያ እስከ መርከቡ ሸኙት። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ በልቅሶውና በሽኝቱ መካከል ምንም ማስታረቂያ አለመኖሩ ነው። ጸሐፊው አልቅሰው ሲያበቁ ተጽናኑ አይልም፤ ቢያዝኑም እንኳ ሸኙት አይልም። አለቀሱ፣ ሸኙት። እንባው እግራቸውን አላሰረም፤ እግራቸው መሄዱም እንባቸውን ሐሰት አላደረገውም። ቅር ያላሉበት ምክንያት ኀዘናቸው ትንሽ ስለሆነ አይደለም። ኀዘናቸው የሚናገር እንጂ የሚከራከር ስላልነበረ ነው። የሚከራከር ኀዘን መልስ ይፈልጋል፤ የሚናገር ኀዘን ተሰምቶ ይበቃዋል።

ማበረታቻውስ? እዚህ ላይ ችግሩ ይከፋል፤ ምክንያቱም ማበረታታት ስለነገ መናገር ይመስላል፣ ነገን ደግሞ ማናችንም አናውቅም። «ይሳካልሃል» የሚል ሰው ወይ ትንቢት ይናገራል ወይ ይመኛል። ትንቢት ከሆነ ሥልጣን የለውም፤ ምኞት ከሆነ ምርቃት ነው። ምርቃት ትልቅ ነገር ነው፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ ሲሉ አባቶች የሚሰጡት በረከት እንጂ ትንበያ አይደለም። ወዳጅ ግን ከምርቃት ሌላ የሚሰጠው አለው። ወዳጅ ምስክር ነው። ስለ ነገ የማላውቀውን ያህል ስለ ትናንቱ አውቃለሁ፤ እርሱ የረሳውንም ሳይቀር። አንድ ሌሊት የጎረቤት ሕፃን በተቅማጥ ደክሞ እርሱ ወደሚሠራበት ጤና ጣቢያ ይዘነው ሄድን። መብራት ጠፍቶ ነበር። ልጁ ውኃው አልቆ ደም ሥሩ ጠፍቷል፤ ግሉኮስ ለመስጠት ክንዱ ላይ ቢፈለግ የለም፣ እግሩ ላይ የለም። ወዳጄ በስልክ እየበራለት የሕፃኑን ጭንቅላት በጣቱ ጫፍ ዳሰሰ፤ መርፌውን ከማንሣቱ በፊት ግን ወደ እናቲቱ ዞሮ የሚያደርገውን ሁሉ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል ነገራት። ከዚያ አገኘው። ይህን በደብዳቤዬ ብጽፍለት ትንቢት አልተናገርኩም፤ ያየሁትን መሰከርኩ። ሜሪላንድ ውስጥ ይሳካልሃል ቢባል ሊጠራጠር ይችላል፤ ያን ሌሊት ያደረገውን ግን ሊጠራጠር አይችልም። ድፍረት የሚሰጥ ነገር ይህ ነው፤ ተስፋ ሳይሆን ማስረጃ።

እዚህ ላይ መጀመሪያ ያነሣሁት ጥያቄ የሚፈታ ይመስለኛል። ከወዳጄ የሚናፍቀኝ ምንድን ነው? ያው በጭንቅ ጊዜ የማይቸኩለው ሰው፣ መርፌ ከማንሣቱ በፊት እናት የሚያስረዳው ሰው ነው። በባዕድ አገር ያቆመዋል ብዬ የማምነውስ ምንድን ነው? ያው ነው። የማዝንበትና የምተማመንበት አንድ ነገር ነው። ባላውቀው ኖሮ አልናፈቀውም ነበር፤ ባላውቀው ኖሮ አላበረታታውም ነበር። ኀዘንና ማበረታቻ የአንድ ዕውቀት ሁለት ፊት ናቸው፤ አንዱ ያ ሰው ከእኔ መራቁን ያያል፣ ሌላው ያ ሰው ከራሱ ጋር መሄዱን ያያል። ስለ ወዳጁ ዝርዝር ነገር የሌለው ደብዳቤ ሁለቱንም የሚያጣው ለዚህ ነው። «በጣም ትናፍቀኛለህ፣ በርታ» የሚለው ቃል ለማንም ሊላክ ስለሚችል ለማንም አልተላከም።

ይሁንና ይህ መፍትሔ እንዲህ ተስተካክሎ ሲቀርብ አንድ ነገር እንደሚሸፍን ይሰማኛል። ያ ሰው ከራሱ ጋር ይሄዳል አልን። ሁሉ ነገሩ ነው የሚሄደው? ያን ሌሊት እናቲቱን ያረጋጋት በአማርኛ ነበር፤ በአማርኛም ሲሆን በእሷው አነጋገር፣ እንደ ወንድሟ ሆኖ። እርጋታው የእርሱ ቢሆንም እርጋታው የሚያልፍበት ቋንቋ፣ የፊት ምልክት፣ የሰፈር ዝምድና የእኛ ነበር። በሌላ ቋንቋ ዓረፍተ ነገር እየፈለገ የሚናገር ሰው ሌላው ሰው ዘንድ ዓይን አፋር፣ አንዳንዴም ያልበሰለ ሊመስል ይችላል። በመካከላችን ተጨዋች የነበረ እዚያ ዝምተኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ክፍሉ እዚህ ይቀራል፤ በእኛ ላይ ይቀራል። ይህን አለመናገር ደግነት አይመስለኝም። በመጀመሪያው ክረምት ራሱን ሲፈልግ ቢያጣው፣ ጎድሎ ሳይሆን ያ ክፍሉ እኛ ዘንድ በአደራ ስለተቀመጠ መሆኑን አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል። አርስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባሩ ስምንተኛ መጽሐፍ ላይ ርቀት ወዳጅነትን ሳይሆን የወዳጅነትን ሥራ እንደሚያቋርጥ ይናገራል፤ የተኙ ወዳጆች ወዳጅነት እንደማይጠፋ ሁሉ የተራራቁትም እንዲሁ። ወዲያው ግን መራራቁ ከረዘመ መርሳትን እንደሚያመጣ ያክላል። ሁለተኛውን ሐሳብ መዝለል አይገባም። ወዳጅነት በሥራ የሚኖር ከሆነ ከርቀት ሊሠራ የሚችለውን ሥራ ከወዲሁ ማወቅ የስንብቱ አካል ነው።

ከርቀት ከሚሠሩት ሥራዎች ዋናው እውነቱን መነጋገር ነው። አባቶቻችን ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ኋላም ድምፃቸውን በካሴት ቀርጸው ሲልኩ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚያሰፍሩት የታወቀ ቃል ነበራቸው፤ እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ። በብዛት ስለተባለ እንደ ወግ ብቻ ይታያል፤ ግን አሠራሩን ልብ ይሏል። ደህና ነኝ ይላል፤ የሩቁ ሰው እንዳይሠጋ። አንድ ነገር ግን ከደህንነቱ ውስጥ አውጥቶ ለብቻው ያስቀምጣል። ናፍቆቱ ደህንነቱን አያፈርሰውም፣ ደህንነቱም ናፍቆቱን አይሸፍነውም። ከሁሉ በላይ አይጠይቅም፤ ናፍቆኛልና ና አይልም። ስለ ስንብት ቃል ስጨነቅ የኖርኩበትን ነገር የቀበሌ ደብዳቤ ጸሐፊ ሁሉ በልማድ ያውቀው ነበር። ዛሬ ስልኩ በየደቂቃው ያገናኘናል፣ ቪዲዮው ፊት ያሳያል፤ ያ በስተቀር የሚለው ግን ከንግግራችን ወጥቷል። ደህና ነኝ ብቻ ቀርቷል።

ስለ መመለስም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ቶሎ ተመለስ ማለት ደግ ምኞት ነው፤ በወዳጄ ሁኔታ ግን ምን ማለት እንደሆነ ሊታወቅ ይገባል። ከአሜሪካ ውጭ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ የመኖሪያ ፈቃዱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ከአምስት ዓመት በኋላ ዜግነት ሊጠይቅ ይችላል፤ የኛ ሕግ ጥምር ዜግነት ስለማይፈቅድ ያኔ የተወለደበት አገር ውስጥ የሚይዘው ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን ቢጫ ካርድ ይሆናል። ስለዚህ ቶሎ ተመለስ የሚለው ልመና፣ ሳናውቀው፣ የጀመርከውን አፍርሰህ ና ወደሚል ይጠጋል። ጎብኘን ማለት ግን ሌላ ነው። በስንብት ደብዳቤ ውስጥ ከእነዚህ ሁለቱ አንዱን መምረጥ፣ የመረጥነውንም ማወቅ ይገባል።

ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ ለወዳጄ የጻፍኩት እንዲህ ይላል።

«ወንድሜ፤ መሄድህ አሳዝኖኛል። ይህን የምጽፍልህ እንድታውቀው እንጂ እንድትመልስልኝ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና የምንጠጣበት ቦታ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል፣ እኔም የሆድ የሆዴን ሳልናገር የምውልባቸው ቀኖች ይበዛሉ። ያ የኔ ነው፤ እኔ እችለዋለሁ።

«ይሳካልህ እንደሆነ አላውቅም። መብራት የጠፋ ሌሊት የሕፃኑን ደም ሥር በጣትህ ስታገኝ ግን ቆሜ አይቼሃለሁ። መርፌውን ከማንሣትህ በፊት እናቱን እንዳስረዳሃት አልረሳሁም። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ስትቆም፣ ወይም የሰው አባት ስታጥብ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። ፈተናውን እስክታልፍም ነህ፤ ባታልፍም ነህ።

«በመጀመሪያው ጊዜ ራስህን ጸጥ ብሎ ታገኘው ይሆናል። አትደንግጥ። ጨዋታህ እኛ ዘንድ ነው፤ እንጠብቅልሃለን። እናትህን በየበዓሉ ደብረ ብርሃን እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ ይህን ለአንተ ብዬ ሳይሆን እኔም ልጃቸው ስለሆንኩ ነው፣ እንደ ውለታ አትቁጠረው።

«ገንዘብ አልጠይቅህም፣ ቶሎ ተመለስም አልልህም። ስትችል ጎብኘን። አንድ አደራ ብቻ አለኝ፤ ለሌላው ሰው ደህና ነኝ ብትል ግድ የለም፣ ለእኔ ግን ያልሆነውን አትበለኝ። በክረምታችሁ እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስነሣ አንተ ዘንድ ገና ያለፈው ሌሊት 5 ሰዓት ይሆናል። ከሥራ ገብተህ ልትተኛ ስትል እኔ ነቅቻለሁ፤ ያኔ ደውል። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ። በሰላም ግባ።»

እዳ አላስገባም ብዬ አንድ አደራ መጠየቄ የሚጋጭ ይመስል ይሆናል። ምንም የማይጠይቅ ወዳጅ ግን ቢቀሩበትም ቅር የማይለው ሰው ነው፤ እርሱን ደግሞ ወዳጅ ማለት ያስቸግራል። ልዩነቱ ያለው በሚጠየቀው ነገር ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ እዳዎች ሌላ ሰው እንዲሆን ይጠይቁታል፤ ያለፈለት ሰው፣ ወይም ያልሄደ ሰው። ይህኛው አደራ የሚጠይቀው ያው የሆነውን እንዲሆን ነው፤ ቢደክመው የደከመ፣ ደስ ቢለው ደስ ያለው። ይህን የሚጠይቅ ሰው የሚጎድልበት ነገር ካለ እውነቱን መስማት ብቻ ነው፤ እውነቱም የሚናገረውን ከሚሰማው ይልቅ ያሳርፈዋል።

የምትሸኙት ወዳጅ ያላችሁ አንባቢዎች ሁሉ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ በጉዞው ቀን አትስጡት። ያን ቀን ሻንጣ ይመዘናል፣ ከ23 ኪሎ ያለፈው በርበሬና ሽሮ ይቀነሳል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቦሌ ላይ ሸኚው ውጭ ይቀራል፤ ማንም አንብቦ መልስ የሚሰጥበት ፋታ የለም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በፊት ጻፉና በእጁ ስጡት፤ የሚለው ነገር ቢኖረው ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ እንዲነግራችሁ።